የጊዜ ሰሌዳው ያልቆጠራቸው ቀናት

የማስተርስ ተማሪን የጥናት ፕሮፖዛል ብትገልጡ መጨረሻ አካባቢ አንድ ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። በግራ በኩል ሥራዎቹ ተዘርዝረዋል፤ ከላይ ወራቱ ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ እያንዳንዱ ሥራ የሚከናወንበት ወር በጥቁር ተቀብቷል። ገምጋሚው እዚህ ገጽ ላይ የሚደርሰው መግቢያውን፣ የናሙና አወሳሰዱንና የትንተና ዘዴውን መርምሮ ከደከመው በኋላ ነው። ሠንጠረዡም ሥርዓት ያለው ስለሚመስል አንድ ጊዜ አይቶት ያልፋል። ተማሪውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሞላው ፕሮፖዛሉን ለማስገባት አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ የቀደመ ተማሪ ሠንጠረዥ ወስዶ የወራቱን ስም ይቀይራል።

ይህ ገጽ እንደ ናሙና አወሳሰዱ ሁሉ መመርመር አለበት። የጊዜ ሰሌዳ ሲዛነፍ ጉዳቱ የመመረቂያ ቀን መራዘሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የተማሪው ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሥራው ከታሰበበት ወቅት ወደ ሌላ ወቅት ሲገፋ ጥናቱ የሚለካው ነገር ራሱ ሊለወጥ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት አንድ ፕሮፖዛል ላስብ። ተማሪዋም ወረዳውም ለማስረዳት ያህል የታሰቡ ናቸው፤ ሥራዎቹና ቀናቱ ግን የጤና ጥናት የሠራ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

የተማሪዋ ዕቅድ

ተማሪዋ የምትማረው የኅብረተሰብ ጤና ነው። በአንድ የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ወረዳ፣ አብዛኛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ በሆነበት አካባቢ፣ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት ምን ያህል የተለያየ ምግብ እንደሚያገኙ ልታጠና ትፈልጋለች። መለኪያዋ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚጠቀሙበት ነው። እናትየዋ ሕፃኑ ትናንት ቀንና ሌሊት የበላውን ትጠየቃለች፤ መልሱ በስምንት የምግብ ክፍሎች ይመደባል፤ ከስምንቱ አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ ሕፃን ዝቅተኛውን የአመጋገብ ስብጥር አሟልቷል ይባላል። ስምንቱ ክፍሎች የእናት ጡት ወተት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው።

የናሙናዋ ብዛት በተለመደው መንገድ ተሰልቷል። ቀመሩ 384 ሰጣት። ናሙናው በደረጃ የሚመረጥ በመሆኑ በ1.5 አባዝታ 576 አደረሰችው፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ጨምራ 634 እናቶች ላይ ቆመች። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም።

የ2018 ዓ.ም. የጊዜ ሰሌዳዋ ደግሞ እንዲህ ይላል። በጥቅምት ፕሮፖዛሉ ይጸድቃል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድም ይገኛል። በኅዳር መጠይቁ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይወጣል። በታኅሣሥ መረጃ ሰብሳቢዎች ይሠለጥናሉ፣ ቅድመ ሙከራ ይደረጋል። በጥር መረጃ ይሰበሰባል። በየካቲት ትንተና፣ በመጋቢት ጽሑፍ፣ በሚያዝያ ርክክብ፣ በግንቦት ዲፌንስ።

ሲያዩት የተስተካከለ ነው። ሆኖም ሁሉም ሥራ ወር ሲብት ጀምሮ ወር ሲያልቅ ማለቁ ብቻ ሊያጠራጥረን ይገባል። የሦስት ቀን ሥልጠናም ሆነ የሌላ መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚጠይቅ ፈቃድ እኩል አንድ አንድ ሳጥን ይዘዋል። ሰሌዳውም ሥራዎቹ መቼ እንደሚሠሩ ይናገራል እንጂ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ አይናገርም። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ስሙን ያገኘው በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፋብሪካዎች ውስጥ ካስፋፋው መሐንዲስ ከሄንሪ ጋንት ነው። ጋንት ቻርት ማን ሥራውን እንደጨረሰና ማን እንደዘገየ በአንድ እይታ ያሳያል። አንዱ ሥራ ሲዘገይ የትኞቹ ሌሎች ሥራዎች አብረው እንደሚንሸራተቱ ለማወቅ ግን በሳጥኖቹ መካከል ቀስት መሣል ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቻችን በሚያስገቡት ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ቀስት የለም።

ስለዚህ ምርመራው ሁለት ዙር አለው። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ይቻላል ወይ ብለን እናሰላለን። በሁለተኛው ቀስቶቹን እንሥላለን።

አንደኛ ዙር፦ ሥራው በዚህ ቀን ያልቃል ወይ?

የሰሌዳውን እውነት ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የበጀት ሠንጠረዡን ይግለጥ። ተማሪዋ በሰሌዳው ላይ ለመረጃ መሰብሰቢያ የጻፈችው “ጥር” ብላ ነው። በበጀቱ ላይ ግን ለ5 መረጃ ሰብሳቢዎች የ10 ቀን ውሎ አበል ይዛለች። እውነተኛ ግምቷ እዚህ ነው ያለው፤ 50 የሰው ቀን።

ይህን ከናሙናው ጋር እናገናኘው። 634 እናቶችን በ10 ቀን ለመጨረስ በቀን 63 ወይም 64 ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል። ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 13 ይደርሳል። መጠይቁ የስምምነት ቃሉን፣ የቤተሰቡን ሁኔታና የትናንቱን ምግብ ዝርዝር ጨምሮ 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 13 ጊዜ 40 ደቂቃ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ያውም አንድም እርምጃ ሳይራመዱ።

በገጠር ደግሞ ከቤት ቤት መሄድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጎጡ ተራራማ ከሆነ በሁለት ናሙና ቤቶች መካከል ሃያ ደቂቃ መራመድ ብርቅ አይደለም። ሲደርሱ እናትየዋ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ትሆናለች። ስለዚህ ለአንድ እናት ከነመንገዱና ከነመጠበቁ አንድ ሰዓት ብንይዝና በቀን ስድስት ሰዓት ደህና ሥራ ቢሠራ፣ አንድ ሰብሳቢ በቀን 6 እናቶችን ያነጋግራል። አምስቱ 30 ያነጋግራሉ። 634 ለ30 ሲካፈል 22 የሥራ ቀን ነው። በዕቅዱ ከተያዘው በእጥፍ ይበልጣል። በሰው ቀን ስንቆጥረው 50 የተያዘለት ሥራ 110 ይፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ከጊዜው ጋር በጀቱንም ያፈርሰዋል።

22ቱ የሥራ ቀናትም 22 የቀን መቁጠሪያ ቀናት አይደሉም። እሑድና የገበያ ቀን እናቶች ቤት አይገኙም፤ ሳምንቱ አምስት የሥራ ቀን ይቀረዋል። በመጀመሪያው ጉብኝት ቤታቸው ያልተገኙትን ደግሞ ለመፈለግ ቢያንስ ሁለት ቀን መጨመር አለበት። ይህን ሁሉ የሚያሳየን ማካፈል ብቻ ነው፤ ጠቅላላ ሥራው ለሰው ብዛትና አንድ ሰው በቀን ሊሠራ ለሚችለው። አንድ ገምጋሚ ይህን ስሌት በፕሮፖዛሉ ጠርዝ ላይ በአምስት ደቂቃ ሊሠራው ይችላል።

በማካፈል የማይገኙ ቀናት ደግሞ አሉ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ስንት ቀን ይወስዳል? ይህን ተማሪዋ ከራሷ ልትገምት አትችልም፤ ሥራው በእጇ አይደለምና። ኮሚቴው በየቀኑ አይሰበሰብም። ማመልከቻው ከስብሰባው ማግስት ከገባ የሚቀጥለውን ስብሰባ ይጠብቃል። ከታየ በኋላም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከአስተያየት ጋር ነው፤ የስምምነት ቅጹ ይስተካከል፣ የመረጃ ሚስጥራዊነት ይብራራ የሚል። ተስተካክሎ እንደገና ይገባል። በሰሌዳው ላይ አንድ ሳጥን የሆነው ሥራ በእውነቱ ሄዶ የሚመለስና እንደገና የሚሄድ ነው።

እዚህ ላይ የሚረዳው መንገድ “ስንት ቀን ይወስድብኛል?” ማለትን ትቶ “ከእኔ በፊት በዚሁ ኮሚቴ ያለፉት ስንት ቀን ወሰደባቸው?” ብሎ መጠየቅ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሮጀር ቡለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ ተማሪዎችን መቼ እንደሚያስረክቡ ጠይቀው ነበር። አማካይ ግምቱ 34 ቀን አካባቢ ነበር። “ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?” ሲባሉ ደግሞ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። በተግባር የፈጀባቸው ግን በአማካይ 55 ቀን ተኩል ነው። እጅግ ክፉውን አስበው የሰጡት ግምት እንኳ ከእውነቱ በታች ሆነ። ሰው የራሱን ሥራ ሲያቅድ ሥራው እንዴት እንደሚሳካ በዓይነ ኅሊናው ይሥላል እንጂ ከዚህ በፊት የሆነውን አይቆጥርም። ስለዚህ ከተማሪዋ የሚጠበቀው ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ሦስቱን ጠይቃ ያስገቡበትንና ደብዳቤውን የተቀበሉበትን ቀን መጻፍ ነው። ለምሳሌያችን አንድ ዙር ማስተካከያ ጨምሮ ስድስት ሳምንት ሆነ እንበል።

ሁለተኛ ዙር፦ ማን ማንን ይጠብቃል?

አሁን ወደ ቀስቶቹ እንምጣ። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ይህን ሥራ ለመጀመር አስቀድሞ በእጅ መኖር ያለበት ምንድን ነው? ጥያቄው የሚሠራው ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። ወደ ፊት ስንሄድ “ከዚያ ምን ይቀጥላል?” እንላለን፤ ያኔ የምናስታውሰው የጻፍነውን ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ ግን ያልጻፍነው ብቅ ይላል።

መረጃ መሰብሰብ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል? የተመረጡት እናቶች ዝርዝር። ይህ ዝርዝር ከየት ይመጣል? በሰሌዳው ላይ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መዝገብ ይኖራታል፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር የሆኑ ሕፃናት በየወሩ ይለወጣሉ። አምና የተመዘገበው ዛሬ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በክረምቱ የተወለደው ገና አልተመዘገበም። ስለዚህ ከናሙና በፊት ቤት ለቤት ምዝገባ መደረግ አለበት። የአንድ ሳምንት ሥራ ሳይታወቅ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ባለሙያዋ በዚያ ሳምንት የክትባት ዘመቻ ካለባት ደግሞ አትገኝም፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ መሆን አይችልምና። ይህም ራሱን የቻለ ጥገኝነት ነው፤ ሥራዎቹ እርስ በርስ ባይጠባበቁም ሁለቱም አንድን ሰው ይጠብቃሉ።

ለቅድመ ሙከራው ምን ያስፈልጋል? ከናሙናው 5 በመቶ፣ ማለትም 32 እናቶች፣ ጥናቱ በማይካሄድበት ሌላ ቀበሌ ይጠየቃሉ። ጠያቂዎቹ የሠለጠኑት ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሥልጠናው ይቀድማል። የሚጠየቁት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ይቀድማል። ቀበሌው ሌላ ነው፤ ስለዚህ ለዚያም ቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከቅድመ ሙከራው በኋላ ደግሞ ያልተረዱት ጥያቄ ይስተካከላል፣ በስልክ ወይም በታብሌት የሚሞላው የኮቦ ቅጽም ይታረማል። ለዚህ የሥራ ቀናት ካልተተዉ ቅድመ ሙከራው የተደረገው ለስሙ ብቻ ነው።

ለድጋፍ ደብዳቤውስ? ደብዳቤው አንድ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ወደ ዞን፣ የዞኑ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የወረዳው ወደ ቀበሌ። እያንዳንዱ የሚጻፈው ያለፈው ሲቀርብ ነው፤ በአንድ ቀን አራቱን ቢሮ ማንኳኳት አይቻልም። የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጻፈውም የሥነ ምግባር ፈቃዱ ሲያያዝ ነው። ሁለት ሳምንት እንስጠው።

የሥነ ምግባር ፈቃዱስ ምን ይጠብቃል? ከሁሉ የከፋው የሰሌዳው ስህተት የተደበቀው እዚህ ነው። ኮሚቴው የሚመለከተው እናቶቹ የሚጠየቁትን መጠይቅና የሚነበብላቸውን የስምምነት ቃል ነው፤ እነዚህም በሚናገሩት ቋንቋ መሆን አለባቸው። አንድ ሰው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ተማሪዋ ትርጉሙን ያስቀመጠችው በኅዳር፣ ፈቃዱን ደግሞ በጥቅምት ነው። የሚቀድመው ኋላ፣ የሚከተለው ፊት ሆኗል። ሳጥኖቹን ብቻ ላየ ሰው ይህ አይታይም፤ ቀስቱን የሣለ ግን ቀስቱ ወደ ኋላ ሲዞርበት ወዲያው ያየዋል።

አሁን ሰንሰለቱን እንደምር። ትርጉም ሁለት ሳምንት፣ ፈቃድ ስድስት፣ ደብዳቤ ሁለት፣ ሥልጠናና ቅድመ ሙከራ ከነማስተካከያው ሁለት። ምዝገባው ከሥልጠናው ጎን ለጎን ሊሄድ ስለሚችል ተጨማሪ ጊዜ አይወስድም። ጠቅላላው 12 ሳምንት፣ 84 ቀን ነው። ፕሮፖዛሉ ጥቅምት 30 ከጸደቀና ሥራው ሁሉ ከዚያ በኋላ ከተጀመረ፣ የመጀመሪያዋ እናት የምትጠየቀው ጥር 24 ነው።

ጥር ለምን እንደተመረጠ

ሦስት ሳምንት መዘግየት በብዙ ጥናት ላይ የሚያስደነግጥ አይደለም። በዚህ ጥናት ላይ ግን መረጃው የሚሰበሰብበት ወር ከጥያቄው ጋር የተሳሰረ ነው።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ በገና ዋዜማ ያበቃል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ሲሆን ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በሁለቱ ጾሞች መካከል ያለው ክፍተት ከታኅሣሥ 29 እስከ የካቲት 8፣ ማለትም 40 ቀን ነው። ተማሪዋ ጥርን ስትመርጥ ይህን አውቃ ይሁን አጋጥሟት ሰሌዳው አይናገርም።

ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ሆኖም በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በጾም ወቅት የሕፃናቱም ገበታ ይለወጣል። በቤቱ ሥጋና ወተት ሲቋረጥ እናትየዋ ለሕፃኑ ብቻ ለይታ መሥራት ይቸግራታል፤ የጾሙ ድስትና ዕቃ በፍስክ እንዳይነካም ትጠነቀቃለች። ይህን ወደ መለኪያው እንውሰደው። ከስምንቱ የምግብ ክፍሎች ሦስቱ፣ ወተት፣ ሥጋና እንቁላል፣ የፍስክ ናቸው። እነዚህ ከቤት ከወጡ አምስት ይቀራሉ። ዝቅተኛውን ስብጥር ለማሟላት ደግሞ አምስት ያስፈልጋል። በጾም የተጠየቀች እናት ሕፃኗ እንዲያልፍ ከቀሩት አምስት ክፍሎች አንዱም ሊጎድልባት አይችልም፤ ጡትም፣ እህልም፣ ጥራጥሬም፣ ሁለቱም ዓይነት አትክልትና ፍራፍሬ በአንድ ቀን መገኘት አለባቸው።

እንግዲህ ጥር 24 የተጀመረ መረጃ ስብሰባ ምን ይገጥመዋል? በማግስቱ ጾመ ነነዌ ይገባል፤ ሦስት ቀን። ከዚያ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ የሚቀሩት ቀናት 11 ብቻ ናቸው። አምስቱ ሰብሳቢዎች 22 የሥራ ቀን ስለሚያስፈልጋቸው ከናሙናው የሚበዛው በጾም ይጠየቃል። የናሙናው አንድ ክፍል በፍስክ፣ ሌላው በጾም ተለካ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰብሳቢዎቹ ቀበሌ በቀበሌ ስለሚሄዱ መጀመሪያ የተጠኑት ቀበሌዎች የተሻሉ፣ መጨረሻ የተጠኑት የባሱ ይመስላሉ። ተማሪዋ በትንተናዋ “ከወረዳው ከተማ የራቁ ቀበሌዎች ሕፃናት ስብጥራቸው ዝቅ ያለ ነው” ብላ ልትጽፍ ትችላለች፤ እውነቱ ግን የራቁት ቀበሌዎች የተጎበኙት በሁዳዴ መሆኑ ነው። የትኛውም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይህን ስህተት አያርመውም፤ ቀበሌና ወቅት አንድ ላይ ተጣብቀዋልና ሊለያዩ አይችሉም።

ሰሌዳው ከመጀመሪያው ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ለማየት፣ ሁሉም ነገር ተሳክቶ መረጃ ስብሰባው በገና ማግስት ቢጀመር ይበቃ ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ። 22 የሥራ ቀን፣ ለድጋሚ ጉብኝት 2፣ ለጥምቀት ሰሞን 3፣ ለነነዌ 3፤ ድምሩ 30 ነው። በሳምንት አምስት የሥራ ቀን ይዘን ስድስት ሳምንት፣ 42 ቀን ይሆናል። ክፍተቱ 40 ቀን ነው። ስለዚህ በአምስት ሰብሳቢ ይህ ጥናት ከጾም ውጭ ሊያልቅ አይችልም ነበር።

ሰሌዳው እንዴት ይቃና?

ቀስቶቹ ከተሣሉ በኋላ ሁሉም ቀስት እኩል ክብደት እንደሌለው ይታያል። አንዱ ሰንሰለት ከሌሎቹ ይረዝማል፤ በእርሱ ላይ የጠፋ አንድ ቀን ከመጨረሻው ላይ አንድ ቀን ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የኬሚካል ፋብሪካ ግንባታና ጥገና ሲያቅዱ የነበሩት ሞርጋን ዎከርና ጄምስ ኬሊ የቀመሩት ስሌት ይህን ሰንሰለት ለይቶ የሚያወጣ ነው። በእኛ ምሳሌ ሰንሰለቱ ከትርጉም ተነስቶ በፈቃድ፣ በደብዳቤና በሥልጠና አልፎ ወደ መረጃ ስብሰባ ይሄዳል። ምዝገባው ሁለት ቀን ቢዘገይ ችግር የለውም። ደብዳቤው ሁለት ቀን ቢዘገይ ግን ሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ ማሳጠር ያለብን ይህን ሰንሰለት ነው።

አንዱ መንገድ የማይጠባበቁትን ከሰንሰለቱ ማውጣት ነው። ትርጉሙ የፕሮፖዛሉን መጽደቅ የግድ አይጠብቅም፤ ፕሮፖዛሉ በአማካሪው እጅ ሳለ በጥቅምት ሊሠራ ይችላል። በመምሪያው ግምገማ አንዳንድ ጥያቄ ቢለወጥ የተለወጠውን ብቻ እንደገና መተርጎም ይቀላል። እንዲህ ሲደረግ ሁለት ሳምንት ይተርፋል፤ መጀመሪያው ቀን ከጥር 24 ወደ ጥር 10 ይመጣል። የጥምቀት ሰሞን ስለሆነ በተግባር ጥር 13 ማለት ነው። ከጥር 13 እስከ የካቲት 8 ያለው 26 ቀን ነው።

ሌላው መንገድ ሰው መጨመር ነው። አሥር ሰብሳቢዎች በቀን 60 እናቶችን ያነጋግራሉ፤ ሥራው 11 ቀን ይሆናል። የሰው ቀኑ ያው 110 ስለሆነ የውሎ አበሉ ድምር ከአምስቱ ሰብሳቢዎች የ22 ቀን አበል አይበልጥም። የሚጨምረው የሥልጠናው ወጪ፣ የታብሌቱ ብዛትና ተጨማሪ ሱፐርቫይዘር ነው። ለድጋሚ ጉብኝት 2፣ ለነነዌ 3 ስንጨምር 16 የሥራ ቀን፣ በቀን መቁጠሪያ 22 ቀን ይወጣል። ከ26ቱ አራት ቀን ይተርፋል። የመጨረሻዎቹን ቀናት ግን ለድጋሚ ጉብኝት ብቻ መተው ይሻላል፤ የቅበላ ሰሞን ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ከወትሮው የበለጠ የፍስክ ምግብ ይበላል፤ በዚያን ጊዜ የሚለካው ገበታም የዘወትሩ አይደለም። ረቡዕና ዓርብን ማስቀረት ስለማይቻል ደግሞ የየቀበሌው ቃለ መጠይቅ በሳምንቱ የሥራ ቀናት ላይ በእኩል መበተን አለበት። መጠይቁ የሚጠይቀው ስለ ትናንት ስለሆነ የረቡዕን ጾም የሚያሳየው ሐሙስ የተጠየቀው ነው።

ከሰብሳቢዎቹ በኋላ ያለው የሰሌዳው ክፍል በተቃራኒው ከሚያስፈልገው በላይ ተጠብቋል። ተማሪዋ የመረጃ ማጥራቱን ያስቀመጠችው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው። መረጃው በታብሌት ከተሞላ ግን በየምሽቱ ሊታይ ይችላል። የሕፃኑ ዕድሜ 26 ወር ተብሎ ከገባ ወይም አንድ ሰብሳቢ የሞላቸው ቅጾች ሁሉ ተመሳሳይ መልስ ካላቸው፣ ሰብሳቢው ገና ከመንደሩ ሳይወጣ መጠየቅ ይሻላል። የትንተናው ባዶ ሠንጠረዦችም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ውሳኔ በሚጠበቅባቸው ስድስት ሳምንታት ውስጥ ሊዘጋጁ ይችላሉ። ከዚህ የተረፈው ጊዜ የሚውለው ሰሌዳው ጨርሶ ለረሳው ሥራ ነው፤ አማካሪው ረቂቁን የሚያነብበት ጊዜ። ረቂቅ አንድ ጊዜ ተነቦ አያልቅም። ሁለት ዙር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳምንት ቢያዝ አንድ ወር ነው፤ አማካሪው በዚያው ሰሞን የሌሎች ተማሪዎችን ረቂቅም እንደሚያነብ መርሳት አይገባም።

የመቁረጫ ቀን

ይህ ሁሉ ተቃንቶም የተረፈው አራት ቀን ነው። ኮሚቴው አንድ ስብሰባ ቢያስተላልፍ አራቱ ቀናት ያልቃሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጥናት የመጨረሻው ማስተካከያ በሰሌዳው ሥር የሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ “እስከ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. መረጃ ሰብሳቢዎች ወደ ቀበሌ ካልወጡ መረጃው ከፋሲካ በኋላ ይሰበሰባል።”

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ማለትም እስከ ግንቦት 23፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ለመረጃ ስብሰባ ከጥር የሰፋ ክፍተት ነው። ዋጋው ደግሞ ግልጽ ነው፤ ዲፌንሱ ከግንቦት ወደ ቀጣዩ የትምህርት ዘመን ይሻገራል። ተማሪዋ ይህን ካልፈለገች ሦስተኛ ምርጫ አላት። ጾምን ከጥናቱ ከማስወጣት ይልቅ የጥናቱ አካል ማድረግ፣ ከእያንዳንዱ ቀበሌ ግማሹን በፍስክ፣ ግማሹን በጾም መጠየቅ ትችላለች። ይህ ግን የናሙናውን ስሌት፣ መጠይቁንና በጀቱን ይለውጣል፤ ለኮሚቴው መቅረብ ያለበትም ከመጀመሪያው እንጂ ሁዳዴ ከገባ በኋላ አይደለም።

ሦስቱም መንገዶች ያስኬዳሉ። የማያስኬደው ምንም ሳይወሰን ቆይቶ፣ ደብዳቤው በዘገየ ቁጥር ስብሰባውን እየገፉ፣ በመጨረሻ የተገኘውን ቁጥር “የወረዳው ሕፃናት የአመጋገብ ስብጥር” ብሎ ማቅረብ ነው። ወረዳው በዚያ ቁጥር ዕቅድ ያወጣል፤ የአመጋገብ ትምህርት የት እንደሚሰጥ፣ ድጋፍ ለየትኛው ቀበሌ እንደሚቀድም ይወስንበታል። ስለዚህ ፕሮፖዛል የሚገመግም ሰው የጊዜ ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ለተማሪዋ ሁለት ጥያቄ ያቅርብላት፦ ከእነዚህ ሥራዎች የትኛው ቢዘገይ ነው የምታገኚው መልስ የሚለወጠው? ያ ሥራ እስከ ስንት ቀን ድረስ ካልተጀመረ ዕቅድሽን ትቀይሪያለሽ? የሁለቱ መልስ በቀን ተጽፎ በሰሌዳው ሥር ካልሰፈረ ፕሮፖዛሉ ለማጽደቅ ገና አልደረሰም።